የሴንት ፒተርስበርግ ፓራዶክስ፦ ተመን ያልተገኘለት ጨዋታ

የሴንት ፒተርስበርግ ፓራዶክስ ደንቡ ቀላል፣ ዋጋው ግን ከ300 ዓመት በላይ ያከራከረ የሳንቲም ጨዋታ ነው። ሳንቲሙ ዘውድ እስኪወጣ ድረስ ይወረወራል። ዘውድ በመጀመሪያው ውርወራ ከወጣ ተጫዋቹ 1 ዱካት፣ ማለትም አንድ የድሮ አውሮፓ የወርቅ ሳንቲም፣ ያገኛል። በሁለተኛው ከወጣ 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8፤ እንዲህ በእጥፍ ይቀጥላል። ታዲያ ለመግቢያ ስንት ቢከፈል ነው ተገቢ የሚሆነው?

የዕድል ሒሳብ የቆየ መልስ አለው። እያንዳንዱን ክፍያ በዕድሉ አባዝተህ ደምር ይላል። 1 ዱካት የማግኘት ዕድል ግማሽ ስለሆነ ውጤቱ ግማሽ ነው። 2 ዱካት በሩብ ዕድል፣ አሁንም ግማሽ። 4 በስምንተኛ፣ ያው ግማሽ። ግማሾቹ ማለቂያ ስለሌላቸው ድምሩም ማለቂያ የለውም። በዚህ ስሌት የትኛውም መግቢያ ርካሽ ነው። ነገር ግን 1,000 ዱካት ከፍሎ የሚገባ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ 10 ጎፈር በተከታታይ ሊወጣለት ይገባል። ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኒኮላውስ በርኑሊ ነው። በ1713 ለፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ለሞንሞር በጻፈው ደብዳቤ በዳይስ መልክ አቀረበው። በ1728 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ገብርኤል ክራመር ወደ ሳንቲም ለወጠውና፣ ከ16,777,216 ዱካት በላይ ያለ ገንዘብ ለሰው ልዩነት የለውም ብሎ አሰበ። ክፍያው እዚያ ላይ ሲቆም 24 ግማሾች 12 ይሆናሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ 1 ይጨምራል። ያ ማለቂያ የሌለው ድምር 13 ዱካት ብቻ ሆነ!

ትልቁ እርምጃ ግን የኒኮላውስ የአጎት ልጅ የዳንኤል በርኑሊ ነው። በ1738 በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ለፓራዶክሱ ስሙን ሰጠው። ዳንኤል የገንዘብን ብዛት ትቶ ጥቅሙን ለካ። አንድ ዱካት ለድሃ ብዙ ነው፤ ለሀብታም ግን እምብዛም። ጥቅሙን በሎጋሪዝም ሲያሰላ የጨዋታው ዋጋ በተጫዋቹ ኪስ የሚወሰን ሆነ። ምንም ለሌለው 2 ዱካት፣ 10 ላለው 3 ገደማ፣ 1,000 ላለው 6 ገደማ። ይህ ሐሳብ የዛሬው የኢኮኖሚክስ የጥቅም ንድፈ ሐሳብ መሠረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መፍትሔው ግን ሙሉ አይደለም። በ1934 የሒሳብ ሊቁ ካርል ሜንገር ክፍያዎቹ በበለጠ ፍጥነት እንዲያድጉ ከተደረገ ሎጋሪዝሙም ማለቂያ ወደሌለው ድምር እንደሚመለስ አሳየ።

በተግባርስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን አንድ ልጅ ሳንቲም እያስወረወረ 2,048 ጨዋታ መዘገበ። 1,061ዱ በመጀመሪያው ውርወራ አለቁ። ስድስት ጨዋታዎች ብቻ ለእያንዳንዳቸው 256 ከፈሉ፣ ከዚያ በላይ የከፈለ አልነበረም። ጠቅላላው በያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ 10,057 ኤኩ ሲሆን በአማካይ 4.91 ይደርሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ዊልያም ፌለር እንዳሳየው ግን ይህ አማካይ አንድ ቦታ አይረጋም። የጨዋታዎቹ ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ተገቢው የመግቢያ ተመን በግማሽ ዱካት ይጨምራል። ለ2,048 ጨዋታ ለእያንዳንዱ 5.5፣ ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ደግሞ 10 ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ቀመር ተመን አይነግረውም።