የኪራይ ገቢ ግብር ላይ "50 ፐርሰንት" የሚባለው ምንድን ነው?

ሐምሌ በገባ ቁጥር ያው ነው፣ አንዱ ይነሳና "የኪራያችሁን ግማሽ መንግስት ይወስደዋል" ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ደግሞ "አይ፣ ግማሹን ለጥገና አውጥተህ ደረሰኝ ካቀረብክ ነው የሚቀነስልህ" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም ግን ሼር የሚደረገው የነሱ ነው።

50ው ግብሩ አይደለም፣ ግብር የማይነካው ክፍል ነው። አዋጅ 979/2008 የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ፣ ባብዛኛው ደረጃ ሐ እንለው ለነበረው፣ ለቤቱና ለእቃው ጥገና፣ እድሳትና እርጅና ተብሎ ከዓመቱ ጠቅላላ ኪራይ ግማሹ ይቀነስለት ይላል። ደረሰኝ አይጠየቅም።

የመስክ ውሎ አበል በሉት። አበል የተሰጠው ሰው ዘመድ ቤት ቢያድር "የተረፈህን መልስ" የሚለው የለም፣ ውድ ሆቴል ቢያድር ደግሞ ጭማሪው ከኪሱ ነው፣ አበሉን ወስዶ ሲያበቃ የሆቴሉን ደረሰኝ ይዞ ፋይናንስ ቢሄድ ግን ይስቁበታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሚስማር ያልመታ አከራይም ግማሹ ይቀነስለታል፣ ጣሪያ የቀየረም ያው ግማሽ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግማሹን አስቀንሶ የቧንቧ ሰራተኛ ደረሰኝ የሚጨምረው ነው።

እስቲ የ2016ን ዓመት እንስራው፣ ከሐምሌ 1 2015 እስከ ሰኔ 30 2016 ማለት ነው። አንዲት እናት ቤታቸውን በወር 14,000 አከራይተዋል እንበል። ከሐምሌ እስከ ህዳር 5 ወር፣ 70,000 (ጳጉሜ ለብቻዋ ኪራይ የላትም)። ተከራዩ ለቀቀ፣ ታህሳስ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ከጥር ጀምሮ አዲስ ተከራይ በ16,000 ገባ፣ እስከ ሰኔ 6 ወር 96,000። ድምሩ 166,000።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። አዲሱ ተከራይ ጥር ላይ የውሃ ታንከሩን በ8,000 አሰርቶ ከኪራዩ ቀንሶ 8,000 ብቻ ነው የሰጣቸው። እሳቸው "የጥር ገቢዬ 8,000 ነው" ይላሉ፣ አይደለም፣ ተከራዩ በውሉ መሰረት በአከራይ ፈንታ የከፈለው ሁሉ የአከራይ ገቢ ነው፣ ስለዚህ 16,000ው ሙሉ ይቆጠራል። "እሺ ታንከሩን ለብቻ ቀንሱልኝ" ቢሉም አይሆንም፣ አበሉ ውስጥ አለ።

ከ166,000 ግማሹ 83,000 ተነሳ። በዚያ ላይ ለቦታው ለከተማ አስተዳደሩ የከፈሉት 1,000 ብር ክፍያ ይቀነሳል (ክፍያ ብቻ ነው፣ ግብር የተባለው እዚህ አይገባም)። ግብር የሚጣልበት 82,000 ሆነ። የመጀመሪያው 7,200 ነፃ ነው፣ ከዛ እስከ 19,800 በ10 ፐርሰንት 1,260፣ እስከ 38,400 በ15 ፐርሰንት 2,790፣ እስከ 63,000 በ20 ፐርሰንት 4,920፣ የቀረው 19,000 በ25 ፐርሰንት 4,750። ጠቅላላ 13,720 ብር። ከሰበሰቡት ኪራይ 8 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ግማሽ የት አለ? "25 ፐርሰንት ውስጥ ገባሁ" ብሎ 166,000ን በ25 አስልቶ 41,500 ክፈል ተባልኩ የሚለው ወንድማችን መጀመሪያ ግማሹን ረስቷል፣ ቀጥሎ 25ቱ የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ እንደሚነካ ረስቷል።

ደሞዝ ካላችሁ ከኪራዩ ጋር አይደመርም፣ ሰንጠረዡ ሌላ ነው። ያስገባችሁት ኪራይ ከሰፈሩ ዋጋ በጣም ካነሰ ገቢዎች በራሱ ግምት ሊሰራው ይችላል፣ ስለዚህ ውሉና የባንክ ዝውውሩ ይቀመጥ። ሱቅ ያከራየ ሰው ደግሞ የራሱ ሌላ ጣጣ አለው፣ ይሄን ስሌት ለሱ እንዳትገለብጡለት። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ 1395 መደቦቹን ስለቀየረ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ላለው ኪራይ አዲሱን አዋጅ ይዛችሁ ነው የምታሰሉት፣ ከላይ ያለው የ2016 ነው።

የባንክ ብድር ላለበት ሰው ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። በአበሉ የሚሄድ ሰው ወለዱን መቀነስ አይችልም፣ መዝገብ የሚይዝ ይችላል። እኚህ እናት የዓመቱ ወለድ 60,000 ቢሆን፣ ታንከሩ 8,000፣ የ500,000 ብር ህንጻ እርጅና በ5 ፐርሰንት 25,000፣ ክፍያው 1,000፣ በድምሩ 94,000 ይመጣል። በአበሉ የተቀነሰላቸው 84,000 ነበር። ልዩነቱ 10,000 ነው፣ በ25 ፐርሰንት ሲሰላ የሚያተርፉት 2,500 ብር፣ እሱንም ዓመቱን ሙሉ መዝገብ የሚይዝላቸው ሰው ይወስደዋል። ወለዱ 120,000 ቢሆን ግን መዝገቡን ያዙ ነበር የምላቸው።