ካለን ልብስ ጋር የሚሄድ ሰልባጅ አመራረጥ

ሰልባጅ በውጭ አገር ተለብሶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ልብስ የገበያ ስሙ ሲሆን፣ በጉምሩክ መግለጫዎች ግን «ልባሽ ጨርቅ» ይባላል። ስሙ ከእንግሊዝኛ እንደተወረሰ ይነገራል። ለንግድ ማስገባቱ የተከለከለ በመሆኑ አብዛኛው በኮንትሮባንድ ይገባል፤ ክልከላው የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ይጠቅማል የሚሉ እንዳሉ ሁሉ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሸማች ይጎዳል የሚሉም አሉ።

ለመራጩ ዋናው ጉዳይ የአቅርቦቱ ጠባይ ነው። ቸርቻሪው በቦንዳ ታስሮ የመጣውን እንዳለ ይገዛና ሲፈታ የወጣውን ይሸጣል። ስለዚህ ከአንድ ልብስ ሌላ ልክ ወይም ሌላ ቀለም አይገኝም፤ ወስዶ መመለስም በአብዛኛው አይቻልም። በሱቅ ውስጥ ኮት የገዛ ሰው የሚስማማውን ሱሪ ከጎኑ ሊያገኝ ይችላል፤ ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ግን ሱሪውን በሐሳቡ ወይም በከረጢቱ ይዞ መምጣት አለበት።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በቀለም ላይ ነው። በርካታ መደብሮች በሰማያዊ ሸራ ወይም ላስቲክ የተከለሉ በመሆናቸው ከሥራቸው ያለው ብርሃን ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዚያ ብርሃን ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል፣ ክሬሙ ነጭ ይመስላል፣ ቡኒው ግራጫ ይሆናል። የለመዱ የመርካቶ ሸማቾች ልብሱን ይዘው ወደ ደጅ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ ይህ ልማድ ከብዙ ዓመት ልምድ የተገኘ ጥበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የልብሱን ዓይነት ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ቀለም ለማመሳከር አይታመንም፤ ካሜራው ቀለሙን እንደ ብርሃኑ ይለዋውጠዋልና። ከሱሪው ግርጌ ተቆርጦ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ከፎቶግራፉ ይልቅ የታመነ ነው።

ነጭ ከሁሉም ይሄዳል የሚለው አባባልም ጥንቃቄ ይሻል። በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ ነጠላ በአብዛኛው ወደ ክሬም ያደላል፤ የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝ ግን ነጭነቱን የሚያጎላ ንጥረ ነገር ስለሚጨመርበት በፀሐይ ላይ ወደ ሰማያዊ ያንጸባርቃል። ሁለቱ ሲደራረቡ ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል። ከነጠላ በታች የሚለበስ ሹራብ የሚፈልግ ሰው ከነጩ ይልቅ ከጥለቱ ቀለሞች አንዱን ቢከተል ይሻላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ሊገጥም የተቃረበ ቀለም ፈጽሞ ከተለየው የከፋ መሆኑ ነው። የታጠበ ጥቁር ሱሪ ላይ አዲስ የሚመስል ጥቁር ኮት ሲደረብ ሱሪው ያረጀ መሆኑ ይጋለጣል፤ በዚያው ሱሪ ላይ ግራጫ ወይም ቡኒ ኮት ሲደረብ ግን ልዩነቱ ታስቦበት የተደረገ ይመስላል። ከሙሉ ልብስ ተነጥሎ የወጣ ኮት ጓደኛ ሱሪ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በተለይ ጨርቁ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለብቻው የማይለበስ ሆኖ ይቀራል።

ልክን በተመለከተ በአንገትጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዝ የሴቶች 12 ቁጥር ለአሜሪካው 8 የቀረበ ነው፤ ከመጀመሪያው ባለቤት መታጠቢያ ማሽን ወጥቶ የጠበበ ልብስም ቁጥሩን እንደያዘ ይኖራል። የሚያዋጣው በቤት ያለውንና በደንብ የሚሆነውን ልብስ ለክቶ ሦስት ቁጥሮችን መያዝ ነው።

ለምሳሌ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ፣ ክሬም ሸሚዝና ቡኒ ጫማ አላት እንበል። የሚሆናት ኮት ትከሻው 39፣ ከብብት ብብት 49፣ እጅጌው 59 ሴንቲ ሜትር ነው። ከክምሩ ሁለት ኮቶች ታወጣለች። አንደኛው ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥራቱ የሚያስጎመጅ ቢሆንም ደጅ ሲወጣ ከጉርዷ ትንሽ ይደምቃል፤ ትከሻውም 44 ነው። ትከሻን ማጥበብ እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ ልብስ ሰፊው የሚያስከፍለው ከኮቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ትተወዋለች። ሁለተኛው ቡኒ ሲሆን ትከሻው 40፣ ብብቱ 50፣ እጅጌው 63 ነው። ከሱሪው፣ ከጉርዱና ከሸሚዙ ጋር ይሄዳል፤ ከጫማውም ይስማማል። ወደ ብርሃን አንሥታ የብል ቀዳዳ አለመኖሩን፣ ገልብጣም የብብቱ ገበር ላብ ያላደረቀው መሆኑን ታያለች። የቀረው አራት ሴንቲ ሜትር እጅጌ ነው። የእጅጌው ቁልፎች ለጌጥ ብቻ የተሰፉ ከሆነ ሰፊው ነቅሎ ከግርጌ ያሳጥርላታል፤ እውነተኛ ቀዳዳ ከተበጀላቸው ግን ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ስለሚጠጋ ከታች ማሳጠር አይቻልም፣ ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገሯ በፊት አንዱን ቁልፍ ለመፍታት ትሞክራለች።