ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ሰንስክሪን አመራረጥ

ሰንስክሪን ቆዳን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ለመከላከል የሚቀባ ክሬም፣ ጄል ወይም ፈሳሽ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ወደዚህ ምርት የሚሄደው በአብዛኛው ፀሐይ አቃጥሎት ስለተላጠ ሳይሆን፣ ጉንጩና ግንባሩ ላይ ማድያት ስለወጣበት ወይም ብጉሩ ከዳነ በኋላ የተወው ጥቁር ምልክት አልለቅ ስላለው ነው። በማሸጊያው ፊት በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ግን የሚለካው መቃጠልን ነው። በዚህ የተነሳ ለዚህ ገዢ ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ ጎን ባለው ትንሽ ምልክት፣ በጀርባው በደቃቁ በተጻፈው የንጥረ ነገሮች ዝርዝርና ክሬሙ ሲደርቅ በሚተወው መልክ ላይ ይገኛል።

ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለው ቁጥር በዋናነት ቆዳን የሚያቃጥለውን ዩ.ቪ.ቢ. የተባለውን ጨረር ይመለከታል። በላብራቶሪ ልኬት 30 የተጻፈበት ከዚህ ጨረር 97 በመቶ ገደማውን፣ 50 የተጻፈበት ደግሞ 98 በመቶውን ያስቀራል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አብዛኛው ሰው አሳንሶ ስለሚቀባ 50 መያዝ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ላለ ቁጥር ብዙ ገንዘብ መጨመር ግን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ቆዳ የላይኛው ሽፋን በተፈጥሮው ከ13 ገደማ ኤስ.ፒ.ኤፍ. ጋር የሚመጣጠን መከላከያ እንዳለው አሳይቷል፤ የነጭ ቆዳ ከ3 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም» የሚለው አባባል ከፊል እውነት ያለው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ ተፈጥሯዊ መከላከያ ቃጠሎን ያዘገያል እንጂ መጥቆርን አያስቀርም።

ቆዳን ይበልጥ የሚያጠቁረው ዩ.ቪ.ኤ. የሚባለው ጨረር ነው፤ ከዩ.ቪ.ቢ. ይልቅ ጠልቆ ይገባል፣ የመስኮት መስታወትም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ከዚህ ጨረር የሚገኘው ጥበቃ የሚገለጸው ምርቱ እንደመጣበት አገር በተለያየ ምልክት ነው። በጃፓንና በኮሪያ ምርቶች ላይ ፒ.ኤ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የመደመር ምልክቶች ይደረደራሉ፤ አራት ምልክት ከፍተኛው ሲሆን ማድያት ላለበት ሰው መፈለግ ያለበትም እሱ ነው። የአውሮፓ ምርት ዩ.ቪ.ኤ. የሚሉትን ፊደላት በክብ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ትርጉሙም የዩ.ቪ.ኤ. ጥበቃው ቢያንስ የኤስ.ፒ.ኤፍ. ቁጥሩን አንድ ሦስተኛ ያህላል ማለት ነው። የአሜሪካ ምርት «ብሮድ ስፔክትረም» ከማለት አልፎ ደረጃ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለት የአሜሪካ ምርቶችን በዩ.ቪ.ኤ. ጥበቃቸው ከፊት ገጻቸው ማወዳደር አይቻልም። ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም የሌለበትን ምርት፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለማድያት መግዛት ተገቢ አይመስለኝም።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የተለየው ነጥብ በእነዚህ ምልክቶች ውስጥ ጨርሶ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ጠይምና ጥቁር ቆዳን ሲያጠቁርና ጥቁረቱም ሲቆይ፣ በነጭ ቆዳ ላይ ግን ይህን አለማድረጉን አሳይቷል። ቀለም የለሽ ሰንስክሪን፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ይህን ብርሃን ያሳልፋል። በመጠኑም ቢሆን የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ቀለም ነው። በአሜሪካ ምርት ላይ በስሙ ይጻፋል፤ በአውሮፓ ምርት ላይ ግን ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ሲ.አይ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 77491፣ 77492 እና 77499 በሚሉ ቁጥሮች ስለሚጠቀስ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ አይገለጽም፤ የሚለየው በዓይን ነው። ከቱቦው ሲወጣ በግልጽ ቡናማ ከሆነ በቂ ቀለም የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፈዛዛ ክሬማማ ከሆነ ግን ለጠይም ፊት የገባው አይረን ኦክሳይድ ጥቂት ነው።

ሌላው ከጀርባው የሚነበበው የማጣሪያው፣ ማለትም ጨረሩን የሚያግደው ንጥረ ነገር ዓይነት ነው። ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ የማዕድን ዱቄቶች ናቸው። ብርሃንን ስለሚበትኑ በነጭ ቆዳ ላይ ሳይታወቁ በጠይም ፊት ላይ አመድ እንደተነሰነሰበት ይታያሉ፤ ከሁለቱ ታይታኒየሙ ይበልጥ ያነጣል። ዱቄቱ በጣም ሲደቅ ንጣቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቤሞትሪዚኖልና አቮቤንዞን የመሳሰሉት ሌሎቹ ማጣሪያዎች በቅባቱ ውስጥ ሟሙተው ጨረሩን የሚመጥጡ ስለሆኑ አመድማ መልክ አይተዉም፤ አንዳንዶቹ ግን ዓይን ውስጥ ሲገቡ ያቃጥላሉ።

አመድማው መልክ የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። የማሸጊያው ቁጥር የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ ይህ ለአንድ ዐዋቂ ፊት 1.2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በጠቋሚና በመሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ከተሰመረ ሁለት መስመር ጋር ይቀራረባል። ፊቱ ግራጫ የሆነበት ሰው ክሬሙን አሳንሶ ይቀባል ወይም መልሶ ይጠርገዋል፤ ያኔ 50 የተባለው ጥበቃ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ሁኔታው ከቱቦው ዕድሜ ይታወቃል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ፊት ብቻ የሚቀባ ሰው 50 ሚሊ ሊትር በ40 ቀን ገደማ መጨረስ አለበት፤ ያው ቱቦ ስድስት ወር ከቆየለት የሚቀባው ከሚያስፈልገው ሩቡን ብቻ ነው።

ጉንጯ ላይ ማድያት ያለባት አንዲት ጠይም ሴት ሁለት ቱቦ ይዛለች እንበል፤ ሁለቱም 50 ይላሉ። አንደኛው የአሜሪካ ሲሆን ጀርባው ላይ 20 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድና «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ተጽፎበታል፤ አይረን ኦክሳይድ የለውም። ሁለተኛው የአውሮፓ ሲሆን የክቡ ምልክት አለው፣ ማጣሪያዎቹ የሚሟሙ ናቸው፣ በዝርዝሩ መጨረሻም ሦስቱ የብረት ቀለም ቁጥሮች ሰፍረዋል። የመጀመሪያው በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው፤ በእሷ ፊት ላይ ግን ስለሚያነጣ ሁለት መስመር መቀባት አትችልም፣ የሚታየውንም ብርሃን በበቂ አይገታላትም። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ ቀለሙ ከፊቷ ጋር ከሄደ ማለት ነው። አለመሄዱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ «ለሁሉም ቆዳ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ቀለም በጠይም ፊት ላይ ብርቱካንማ፣ በጥቁር ፊት ላይ ደግሞ ፈዛዛ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አራት የመደመር ምልክት ያለውን ቀለም የለሽ ምርት በሙሉ መጠን ተቀብታ፣ ከደረቀ በኋላ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን በቀለሟ የሚስማማ ፋውንዴሽን ከላዩ ብትደርብ ያንኑ ጥቅም ታገኛለች። ማድያትም ሆነ የብጉር ምልክት የሌለበት ሰው ግን ቀለም የለሹ ምርት በደንብ ይበቃዋል።

ሙከራው በእጅ ጀርባ ላይ ከሚደረግ በመንጋጋ መስመር ላይ ቢደረግ ይሻላል፤ የእጅና የፊት ቀለም ይለያያልና። የሱቅ መብራት አመድማውን መልክ ስለሚደብቅ በሙሉ መጠን ተቀብቶ ከሱቁ ወጥቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ በቀን ብርሃን በመስታወት ማየት ያስፈልጋል። «ማት» የሚል ምርት ወዙን ስለሚመጥጥ ለወዛም ፊት ይስማማል፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ግን ዱቄቱ ጎልቶ ስለሚታይ ያንኑ አመድማ መልክ መልሶ ያመጣል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ ግሊሰሪን ያለበትና ሲደርቅ ትንሽ የሚያበራ ክሬም የተሻለ ነው። ማሸጊያው ላይ ቆዳ ያነጣል የሚል ካለ፣ ንጥረ ነገሮቹ በግልጽ ካልተዘረዘሩ ወይም ሜርኩሪ ከተጠቀሰ መተው ነው። በመጨረሻም ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ የሚያሳየውን ትንሽ ሥዕል መመልከት ተገቢ ነው፤ በውስጡ 12 ከተጻፈ ክሬሙ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው 12 ወር ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ቱቦ ግን ከዚያ ቀድሞ ውሃና ቅባቱ ሊለያይ ይችላል። ሲጨመቅ መጀመሪያ ውሃ የሚወጣው ቱቦ ማጣሪያው በፊት ላይ እኩል ስለማይዳረስ መጣል አለበት።