መኪና በልዋጭና በብድር ሲገዛ ሒሳቡ የት ይሳሳታል?

«አሮጌዋ መኪናዬ 8,000 ተገምታለች። ስለዚህ ከአዲሱ ዋጋ ላይ 8,000 ይቀነስልኛል።»

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ አሮጌዋ ዕዳ አለባት ወይስ ነጻ ናት? ነጻ ከሆነች ልክ ናችሁ። ዕዳ ካለባት ግን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አዲሱ መኪና 30,000 ነው። በእጃችሁ ያለው ቅድመ ክፍያ 3,000 ነው። አሮጌዋ በልዋጭ 8,000 ተገምታለች፤ ነገር ግን ገና 5,000 ይቀርባታል። (ገንዘቡን የፈለጋችሁት አገር ገንዘብ አድርጉት፤ ስሌቱ ያው ነው።) ሻጩ አሮጌዋን ሲረከብ ዕዳዋን ለአበዳሪው ይዘጋል። ለእናንተ የሚተርፈው 3,000 ነው። ስለዚህ የምትበደሩት ይህን ያህል ነው፦

```
30,000 − 3,000 − (8,000 − 5,000) = 24,000
```

8,000ውን እንዳለ የቀነሰ ሰው ብድሩ 19,000 ይመስለዋል። ውሉ ላይ 24,000 ሲያይ «በሉኝ» ይላል። ማንም አልበላውም፤ የራሱን ዕዳ ረስቶት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። አሮጌዋ 8,000 ተገምታ ዕዳዋ 10,000 ቢሆንስ? ያኔ በቅንፍ ውስጥ ያለው ከዜሮ በታች 2,000 ይሆናል። መቀነሱ ቀርቶ ይደመራል፤ ብድሩም 29,000 ይደርሳል። ከኪሳችሁ 3,000 አውጥታችሁ ብድሩ ከመኪናው ዋጋ ያነሰው በ1,000 ብቻ ነው። የሸጣችሁትን መኪና ዕዳ አዲሱ ላይ ጭናችሁ፣ ወለድ እየከፈላችሁበት ትቀጥላላችሁ ማለት ነው። አቅሙ ካለ ያንን 2,000 በጥሬ ገንዘብ ዘግቶ መለየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀሪ ዕዳውንም በግምት አትያዙ። ባለፈው ወር መግለጫ ላይ ያያችሁት ቁጥር ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመውን ወለድ አይጨምርም። አንዳንድ ውል ላይ ደግሞ ቀድሞ ለመዝጋት የሚጠየቅ ክፍያ አለ። አበዳሪውን «በዚህ ቀን ልዝጋው ብል ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

«ወለዱ 9 በመቶ ነው። በ4 ዓመት 36 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ በ24,000 ላይ 8,640 ወለድ እከፍላለሁ።»

ይህ ስሌት 24,000ው 4 ዓመት ሙሉ ሳይነካ በእጃችሁ እንዳለ ይቆጥራል። እናንተ ግን በየወሩ እየመለሳችሁ ነው። በተለመደው ብድር ወለዱ የሚሰላው ገና ባልከፈላችሁት ቀሪ ላይ ነው። ወርሃዊ ክፍያው በዚህ ይገኛል፦

```
M = L × r / (1 − (1 + r)^−n)
```

`L` ብድሩ ነው፣ `r` የወሩ ወለድ፣ `n` የወራት ብዛት። 9 በመቶ የዓመት ስለሆነ ለ12 ስናካፍለው የወሩ 0.0075 ይመጣል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው፤ የዓመቱን ወለድ ከወራት ብዛት ጋር ያስገባና አስደንጋጭ ቁጥር ያወጣል። በኤክሴል ለመሥራት ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=PMT(0.09/12, 48, -24000)
```

መልሱ 597.24 ነው። በ48 ስታባዙት 28,667.52 ይሆናል። ከዚያ 24,000ውን ቀንሱ፤ ጠቅላላ ወለዱ 4,667.52 ነው። ከ8,640 ጋር ስታስተያዩት ግማሽ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ውስጡን ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ወር የ24,000 ወለድ 180 ነው። ከ597.24 ላይ 180ው ለወለድ ሄዶ 417.24ቱ ዋናውን ብድር ይቀንሳል። ቀሪው 23,582.76 ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ 176.87 ነው። እንዲህ እያለ ይወርድና በመጨረሻው ወር 4.45 አካባቢ ይደርሳል። ሁለት ዓመት ከከፈላችሁ በኋላም ቀሪው ወደ 13,073 ነው፤ ከግማሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ወለዱ ብዙ ስለሚወስድ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለውም።

ተንኮሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ አበዳሪ በእርግጥም 8,640ውን በመጀመሪያው ብድር ላይ አስልቶ በ48 ወር ያከፋፍላል። ያኔ ወርሃዊው 680 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ 9 በመቶ ይላል፤ በቀሪ ብድር ላይ ከሚሰላው ጋር ስናስተያየው ግን ወደ 16 በመቶ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያ ሰንጠረዡን ጠይቁና የወለዱን ዓምድ ተመልከቱ። ሁለተኛው ወር ከመጀመሪያው ካነሰ ደህና ነው። ሁሉም ወር ላይ እኩል 180 ከተጻፈ፣ በ9 በመቶ አልተበደራችሁም።

«ወርሃዊ ክፍያው ከአቅሜ ጋር ከሄደ ሌላው አያሳስበኝም።»

ሻጩ «በወር ስንት ይመችሃል?» ብሎ የሚጀምረው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ያንኑ 24,000 በ9 በመቶ ለ72 ወር ብትወስዱት ክፍያው ወደ 432.61 ይወርዳል። በወር 164.63 ቀለል አለ፤ ደስ ይላል። ጠቅላላ ወለዱ ግን 7,147.92 ነው። ከ48 ወሩ ጋር ሲነጻጸር 2,480.40 ይበልጣል። መኪናው ደግሞ በነዚያ ትርፍ ሁለት ዓመታት እያረጀ ነው። ዕዳው ቀስ ብሎ ሲወርድ የመኪናው ዋጋ ቶሎ ከወረደ፣ በሚቀጥለው ልዋጭ ያንን ከዜሮ በታች የሆነ ቅንፍ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

«ለአሮጌዋ 1,000 ጨመሩልኝ። አተረፍኩ!»

የአዲሱ ዋጋ ካልተነካ፣ አዎ። ከምሳሌያችን ብድር ላይ 1,000 ሲቀነስ ወርሃዊው በ24.89 ያንሳል። በ48 ወር ወደ 1,194 ይሆናል፤ 1,000ው ራሱና ሊከፈልበት የነበረው ወለድ ማለት ነው። ቅድመ ክፍያ ላይ 1,000 ብትጨምሩም ስሌቱ አንድ ነው።

አሁን ደግሞ ሻጩ አሮጌዋን 9,000 ብሎ አዲሱን 31,500 አደረገው እንበል። ከ9,000ው ዕዳው 5,000 ሲነሳ 4,000 ይተርፋል። ብድሩ 31,500 ላይ 3,000 እና 4,000 ተቀንሶ 24,500 ሆነ። ክፍያው 609.68 ነው። በግምቱ ተደስታችሁ በ48 ወር ወደ 597 ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ስለ አሮጌዋ ሳታነሱ የአዲሱን የመጨረሻ ዋጋ አስጽፉ። ስለ ልዋጩ አውሩ ከዚያ በኋላ፤ የመጀመሪያው ወረቀትም በእጃችሁ ይሁን።