በኢንተርቪው መጨረሻ ስለ ኮድ ሪቪውና ስለ ኦንኮል ስንጠይቅ የምንሳሳተው

«ኮድ ሪቪው አላችሁ ወይ ብዬ ከጠየቅኩ ይበቃል።»

መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታውቁት ነገር የለም። እኔ ስለ ደንቡ ሳይሆን ስለ መጨረሻው ጊዜ ነው የምጠይቀው። «በቅርቡ የላኩት ፑል ሪኩዌስት እስኪጸድቅ ስንት ጊዜ ቆየ? ማን አየው? ምን አለ?»

«ጠዋት ላክሁት፣ ከሰዓት ሁለት አስተያየት መጣልኝ፣ አንዱ ቴስት ይጎድለዋል የሚል ነበር» ካሏችሁ፣ እዚያ ቤት ኮድ በእርግጥ ይነበባል። «እንደ ሁኔታው ነው» ካሏችሁ ግን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሁለት ነገር አለ። ወይ ሁሉን የሚያጸድቀው አንድ ሲኒየር ነው፣ ወይ ሰዉ ሳያነብ «ይለፍ» ይላል። የመጀመሪያውን ለማወቅ «ሲኒየሩ ፈቃድ ሲወጣ ማን ያጸድቃል?» በሉ። ለሁለተኛው «በሪቪው ምክንያት የቀየሩት የቅርብ ጊዜ ኮድ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነበብበት ቤት ያለ ሰው ምሳሌ አያጣም።

«ስለ ኦንኮል ከጠየቅኩ ሥራ የምሸሽ እመስላለሁ።»

ሌሊት በአለርት የተነሳ ኢንጂነር እንዲህ አያስብም። አጠያየቃችሁ ግን ለውጥ አለው። «ሌሊት እሠራለሁ እንዴ?» አትበሉ። «ተራው በስንት ሰው ይዞራል? ባለፈው ተራዎ ሌሊት ስንቴ ተነሱ?» በሉ።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። ተራው በሳምንት የሚዞርና አራት ሰው ያለው ቲም ከሆነ፣ በዓመት 13 ሳምንት የእናንተ ነው። ስምንት ሰው ካለ ወደ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ይወርዳል። ጉግል የራሱን አሠራር ሲገልጽ በ12 ሰዓት ፈረቃ ከሁለት በላይ ችግር መድረስ የለበትም ይላል። ምክንያቱም አንዱን መርምሮ፣ አስተካክሎ፣ የሆነውን ጽፎ መጨረስ በአማካይ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። የምትሰሙት ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ በማግሥቱ የምትሠሩት ኮድ አይኖርም።

እኔ የማልተወው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያስነሳዎት ነገር ከዚያ በኋላ ምን ተደረገለት?» «ያው ሰርቨሩን ሪስታርት እናደርገዋለን» ከተባላችሁ፣ ያው አለርት እናንተንም ይቀሰቅሳችኋል።

«ቲሙ ትልቅ ነው፤ ሌሊቱ አይነካኝም።»

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ለአሜሪካ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ይነካችኋል። ሳንፍራንሲስኮ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እናንተ ዘንድ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 7። የእነሱ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት የእናንተ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ተራው በሰዓት ቀጠና መከፈሉን ጠይቁ።

«ማንንም ብጠይቅ ያው ነው።»

ለኦንኮል ተራ ይከፈላል ወይ የሚለውን ኤችአር ያውቃል። ሌሊቱን ግን ባለፈው ሳምንት ተራ የወጣውን ኢንጂነር ጠይቁ። ኢንተርቪው ካደረጓችሁ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከአንዱ ጋር 15 ደቂቃ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ።