የክሬቲን ውሃ ምንድን ነው? ክሬቲን ስንጀምር ሚዛኑ ለምን ይጨምራል?

ጂም ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ስሞታ አለ። ሰውዬው ክሬቲን ከጀመረ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ በላይ ጨምሯል። «ስብ ልቀንስ ስል ጭራሽ አወፈረኝ» ይልና የተረፈውን ዱቄት ለጓደኛው ይሰጠዋል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተወው ልክ መሥራት በጀመረበት ሳምንት ነው። ያ ጭማሪ ስብ አይደለም። ውሃ ነው፤ ከየት እንደመጣም በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

ክሬቲን ባዕድ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። 95 በመቶ ያህሉ የሚቀመጠው ጡንቻ ውስጥ ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ጡንቻ ውስጥ 120 ግራም ገደማ ይገኛል። ከባድ ክብደት ስናነሳ ወይም በፍጥነት ስንሮጥ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያለቀውን ኃይል ቶሎ የሚተካልን እሱ ነው። የብዙ ሰው ጡንቻ ግን በክሬቲን ሙሉ አይደለም፤ ገና ቦታ አለው። ዱቄቱን ስንወስድ የምንሞላው ይህንን ቦታ ነው።

ውሃው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለሰላጣ የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰን ትንሽ ብንተወው ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ጨው በበዛበት በኩል ውሃ ይሄዳልና ከቲማቲሙ ወጣ። በክሬቲን ጊዜ አቅጣጫው ይገለበጣል። የጡንቻ ሴል ክሬቲንን ከደም ውስጥ እየሳበ ያስገባል፣ ከገባ በኋላም በቀላሉ አይለቀውም። የሚሟሟው ነገር ውስጥ ሲበዛ ውሃ ተከትሎት ይገባል። ጡንቻው ትንሽ ሞላ ይላል። በእነዚያ ቀናት የሽንት መጠንም ቀነስ ይላል፤ ከጠጣነው ውሃ የተወሰነው እዚያው ቀርቷልና።

ምን ያህል ውሃ? በሰውነታችን ፈሳሽ ውስጥ ሚዛኑ እንዲጠበቅ 40 ግራም ገደማ ክሬቲን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። አሁን 72 ኪሎ የሚመዝን አንድ ወጣት እናስብ። ጡንቻውን ቶሎ ለመሙላት በተለመደው የሎዲንግ ዘዴ 5 ግራም በቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም በቀን 20 ግራም፣ ለ6 ቀን ወሰደ። በድምሩ 120 ግራም ዱቄት መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ጡንቻ ውስጥ አይገባም፤ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ጡንቻው 30 ግራም ያህል አስቀረ እንበል። በሒሳባችን 30 ግራም ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ ይይዛል። ይኸው፣ አንድም ግራም ስብ ሳይጨመር 750 ግራም ገደማ።

ልጁ ብልህ ስለነበር ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጠዋት ተመዝኗል እንበል፤ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ። 71.8፣ 72.1፣ 72.3 አገኘ። አማካዩ 72.1 ገደማ ነው። ከሎዲንጉ በኋላ በሦስት ጠዋት 73.1፣ 73.4፣ 73.0 አየ፤ አማካዩ 73.2። ልዩነቱ 1.1 ኪሎ። 750 ግራሙን የክሬቲኑ ውሃ ያስረዳል። ቀሪው ከምግብ፣ ከጨውና ጡንቻ ውስጥ ከሚከማች ስኳር ጋር የሚመጣ የየዕለቱ መዋዠቅ ነው። አንድ ጠዋት ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ከ71.8 ወደ 73.4 ዘለልኩ ብሎ ይደነግጥ ነበር። 1.6 ኪሎ!

ስብ ቢሆንስ? አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከምናቃጥለው በላይ 7,700 ካሎሪ ገደማ መብላት ይጠይቃል። 1.1 ኪሎ በ6 ቀን ማለት በየቀኑ 1,400 ካሎሪ ትርፍ ነው። ንጹህ ክሬቲን ደግሞ የሚቆጠር ካሎሪ የለውም። ግን አደራ፣ የገዛችሁት ዱቄት ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ብቻ መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ። ክሬቲን የተጨመረበት ማስ ጌነር የሚባለው ክብደት መጨመሪያ ዱቄት ብዙ ስኳርና ካሎሪ ስላለው ታሪኩ ሌላ ነው።

እንግዲህ ጤናማው ጭማሪ ስንት ነው? ሎዲንግ ለሚያደርግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ 2 ኪሎ። ብዙው አንድ ኪሎ አካባቢ ላይ ያርፋል። ጡንቻው የበዛ ሰው ወደ ላይኛው፣ ቀጭን ሰው ወደ ታችኛው ይጠጋል። ምንም ያልጨመረ ሰውም አለ፤ ጡንቻው ቀድሞውኑ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክሬቲን ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ይቀበላል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ማግስት ክሬቲን የሚጀምር ሰው ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነው። እሱ ላይ የበዓሉ ምግብም ስለሚደረብ፣ ሚዛኑ ተረጋግቶ የሚነበበው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው።

ሎዲንግ ግን ግዴታ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቀን 20 ግራም ለ6 ቀን የወሰዱትንና በቀን 3 ግራም ለ28 ቀን የወሰዱትን አነጻጽሮ ነበር። የሁለቱም ጡንቻ ክሬቲን በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ። መድረሻው አንድ ነው፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ያው ውሃ በአራት ሳምንት ተከፋፍሎ ሲገባ ከየዕለቱ መዋዠቅ ጋር ስለሚቀላቀል ልብ አይባልም። ሚዛን የሚያስጨንቀው ሰው ቢጠይቀኝ ይህንኛውን መንገድ እመክረዋለሁ። ውሃ መጠጣት መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም።

የክሬቲን ውሃ አንድ መለያ አለው፤ ይጨምርና ይቆማል። ጡንቻው ከሞላ በኋላ ተጨማሪ ክሬቲን ስለማያስቀር ውሃውም አይጨምርም። ሎዲንግ አድርጎ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሚዛኑ አሁንም እየወጣ ከሆነ ጥፋቱን ክሬቲን ላይ አታድርጉ። ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ወገብ ከሰፋ የምግቡ ጉዳይ ነው።

ሌላም መለያ አለ። ቅልጥማችሁን በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉት። ጣታችሁን ስታነሱ ጉድጓዱ እንዳለ ከቀረ፣ ቁርጭምጭሚት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ይህ የክሬቲን ውሃ አይደለም። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ክሬቲን መጀመር የለበትም።

ክሬቲኑን ያቆመ ሰው ጡንቻው ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ውሃውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በኪሎ ምድብ የሚወዳደር ቦክሰኛ ወይም ክብደት አንሺ ለምዘና አንድ ሳምንት ሲቀረው ሎዲንግ ቢጀምር ከምድቡ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሳምንት ማቆሙም አይደርስለትም። ከወራት በፊት በ3 ግራም ጀምሮ፣ የዚያን አንድ ኪሎ ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።