ስታቲክ በጀትና ፍሌክሲብል በጀት ምንድን ናቸው? ሥራ ስለበዛ የመጣ ወጪ ከብክነት የሚለየው እንዴት ነው?

አንድ የሰፈር ዳቦ ቤት እንውሰድ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት ጋጋሪዎችና አንዲት ሻጭ አሉት። ጥር ከመግባቱ በፊት ባለቤቷና የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጭ ብለው በጀት ያወጣሉ። በቀን 2,000፣ በወር 60,000 ዳቦ እንሸጣለን፤ አንዱን በ10 ብር ይላሉ። ገቢው 600,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ዳቦ 80 ግራም ዱቄት ይገባል፤ ኪሎው 70 ብር ስለሆነ 5 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። እርሾ፣ ዘይትና ጨው 40 ሳንቲም፣ መብራት 50 ሳንቲም። አንድ ዳቦ በድምሩ 6 ብር ከ50 ይፈጃል። ተጋገረም አልተጋገረም የማይቀር ወጪ ደግሞ አለ፦ ኪራይ 60,000፣ ደመወዝ 80,000። ጠቅላላ ወጪው 530,000፣ ትርፉ 70,000 ብር። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ አሠራሩ ግን ለዳቦም ለብሎኬትም ያው ነው።

ይህ ስታቲክ በጀት ይባላል። የተሠራው ለአንድ የሥራ መጠን ብቻ፣ ለ60,000 ዳቦ ነው። ወሩ ሲያልቅ 40,000 ቢሸጥም 90,000 ቢሸጥም በጀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ጥምቀትም አለበት። ወሩ ሲዘጋ 72,000 ዳቦ ተሸጧል። የወጣው ወጪ ሲደመር 636,800 ብር ሆነ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በጀቱንና የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስትቀንስ፣ ወጪው ከበጀት በ106,800 ብር በልጧል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት መፍጠር ይቻላል። አንዱ ጋጋሪዎቹን ጠርቶ «ገንዘቤን ጨረሳችሁት» ብሎ መቆጣት ነው። ግን 12,000 ተጨማሪ ዳቦ ያለ ዱቄት አይጋገርም። ሌላው ደግሞ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ መደሰት ነው። ገቢው 720,000 ስለሆነ ትርፉ 83,200 ብር ነው፤ ከዕቅዱ በ13,200 ይበልጣል። ታዲያ ምን ችግር አለ? ችግር አለ፤ ግን ከዚህ ሪፖርት ላይ አይታይም። ሪፖርቱ የ60,000 ዳቦን ወጪ ከ72,000 ዳቦ ወጪ ጋር ነው ያወዳደረው።

ፍሌክሲብል በጀት ጥያቄውን ይቀይረዋል። 72,000 ዳቦ እንደሚሸጥ ከመጀመሪያው ብናውቅ ኖሮ በዚያው ዋጋና በዚያው ልክ ስንት ብር እንበጅት ነበር? አዲስ ግምት አያስፈልግም። የአንዱ ዳቦ ወጪ በ72,000 ይባዛል፣ ቋሚው ይደመርበታል። 6.50 × 72,000 = 468,000፤ ሲደመር 140,000፣ 608,000 ብር። አሁን ሦስት ዓምድ አለን።

| | ስታቲክ በጀት | ፍሌክሲብል በጀት | የሆነው |
|---|---|---|---|
| ዳቦ | 60,000 | 72,000 | 72,000 |
| ገቢ | 600,000 | 720,000 | 720,000 |
| ዱቄት | 336,000 | 403,200 | 427,800 |
| እርሾ፣ ዘይት፣ ጨው | 24,000 | 28,800 | 28,500 |
| መብራት | 30,000 | 36,000 | 36,500 |
| ደመወዝ | 80,000 | 80,000 | 84,000 |
| ኪራይ | 60,000 | 60,000 | 60,000 |
| ትርፍ | 70,000 | 112,000 | 83,200 |

መካከለኛው ዓምድ ድልድይ ነው። ከግራ ወደ መሐል ስንሄድ የሚቀየረው የዳቦው ብዛት ብቻ ነው፤ ዋጋውም አሠራሩም እንደ ዕቅዱ ነው። ስለዚህ እዚያ መካከል ያለው የ78,000 ብር የወጪ ጭማሪ በሙሉ ሥራ በመብዛቱ የመጣ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ከመሐል ወደ ቀኝ ስንሄድ ደግሞ ብዛቱ እኩል ነው። የቀረው 28,800 ብር በብዛት አይመካኝም። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። 106,800 የነበረው አስደንጋጭ ቁጥር ወደ 28,800 ወረደ።

ትርፉም እንዲሁ ይነበባል። ገበያው 42,000 ብር ተጨማሪ ትርፍ አምጥቶ ነበር፤ 28,800ው መንገድ ላይ ቀረ። ባለቤቷ የተደሰተችበት 13,200 ብር ከዚያ የተረፈው ነው።

ከ28,800ው ውስጥ ትልቁ የዱቄቱ 24,600 ብር ስለሆነ እሱን ጠጋ ብለን እንየው። የመጋዘን መዝገቡ በወሩ 6,200 ኪሎ ዱቄት መውጣቱን ያሳያል። 72,000 ዳቦ በ80 ግራም ሒሳብ የሚፈልገው 5,760 ኪሎ ነው። 440 ኪሎ በላይ ሄዷል፤ በ50 ኪሎ ጆንያ ብናስበው ወደ ዘጠኝ ጆንያ ነው። በበጀቱ ዋጋ 30,800 ብር። በሌላ በኩል ዱቄቱ በጅምላ ስለተገዛ ኪሎው 69 ብር ነው የወጣበት። በ6,200 ኪሎ 6,200 ብር ተረፈ። ሁለቱ ሲቀናነሱ 24,600 ይሆናል። ገዢው ጥሩ ሠርቷል፤ ችግሩ ያለው ወይ መጋዘኑ ጋ ወይ ሊጡ ጋ ነው። አንድ ላይ ብንተወው ኖሮ የገዢው ትጋት የሌላውን ጥፋት በከፊል ይሸፍንለት ነበር።

ዘጠኝ ጆንያ የት ገባ? ፍሌክሲብል በጀት ይህን አይነግረንም፤ የት እንደምንፈልግ ብቻ ነው የሚጠቁመን። የመጀመሪያው ፍተሻ ሚዛን ነው። 80 ግራም ዱቄት ከውሃው ጋር ወደ 130 ግራም ሊጥ ይሆናል እንበል። ከተቆረጠው ሊጥ ሃያ ሠላሳ ድብልብል አንስቶ መመዘን ነው። አማካዩ ወደ 140 ግራም ከተጠጋ ነገሩ ተገኘ፤ በሰርግ ትዕዛዝ ጥድፊያ ላይ ሊጥ በእጅ ሲቆረጥ መክበዱ ያለ ነገር ነው። ደንበኛው ትልቅ ዳቦ በልቷል፣ ዳቦ ቤቱ ከፍሏል። ሚዛኑ 130 ካለ ግን ዱቄቱ ዳቦ ሆኖ አልተሸጠም። ያኔ ያረረውንና ሳይሸጥ ያደረውን መቁጠር፣ ሲገባ ያልተመዘነ ጆንያ መኖሩን ማጣራት፣ በመጨረሻም የመጋዘኑን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ መጠየቅ ይመጣል።

ሥራ የቀዘቀዘበት ወር ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ስታቲክ በጀት ችግሩን በምስጋና ይሸፍነዋል። የካቲት ላይ ከዳቦ ቤቱ ፊት ያለው መንገድ ለግንባታ ተቆፈረ እንበል። የተሸጠው 50,000 ዳቦ፣ ወጪው 490,000 ብር ነው። በስታቲክ በጀት ሲታይ 40,000 ብር ቁጠባ ተገኘ፤ «ጎበዝ» ያሰኛል። የ50,000 ዳቦ ተገቢ ወጪ ግን 325,000 ሲደመር 140,000፣ ማለትም 465,000 ብር ነው። እንዲያውም 25,000 ብር ያለ አግባብ ወጥቷል። ብዙ ድርጅት የሚጎዳው እንዲህ ባለው ወር ይመስለኛል። ወጪ ሲያልፍ ሁሉም ይጮሃል፤ ወጪ ከበጀት በታች ሲሆን ማንም መዝገብ አይገልጥም።

እንዲህ ስል ስታቲክ በጀት አይረባም ማለቴ አይደለም። ስንት ጆንያ ዱቄት እንደምናዝዝ፣ ባንክ ውስጥ ስንት ብር መኖር እንዳለበት የምንወስነው በእሱ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሠራው የመንግሥት በጀትም በባሕርዩ ስታቲክ ነው፤ ፈቃድ ነውና ጣሪያው መታወቅ አለበት። ፍሌክሲብል በጀት ፈቃድ አይደለም። ወሩ ካለፈ በኋላ የሚወጣ መለኪያ ነው።

መለኪያው ራሱ የሚዛባበት ቦታ አለ። በምሳሌያችን መብራቱን ሙሉ በሙሉ ከዳቦው ብዛት ጋር የሚሄድ አድርገነዋል። እውነታው እንዲህ አይደለም። ምድጃው ሌሊት ተነስቶ እስኪግል ድረስ የሚበላው 1,000 ዳቦም ቢጋገርበት 3,000ም ቢጋገርበት ያው ነው። ከ30,000ው የመብራት በጀት ግማሹ ቋሚ ቢሆን፣ ለ72,000 ዳቦ የሚገባው 15,000 ሲደመር 18,000፣ 33,000 ብር ነው እንጂ 36,000 አይደለም። ያኔ የመብራቱ ትርፍ ወጪ 500 ሳይሆን 3,500 ብር ይሆናል። ቋሚውን ተለዋዋጭ ብለን ከመደብነው ሥራ በበዛበት ወር ብክነት የሚደበቅበት ቦታ እንፈጥራለን፤ ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ደግሞ ያላጠፋውን እንከሳለን። ስለዚህ ያለፉ ወራት የመብራት ሒሳቦችን ከዳቦው ብዛት ጋር አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ዳቦው በእጥፍ ሲጨምር ሒሳቡ በእጥፍ ካልጨመረ ውስጡ ቋሚ ወጪ አለ ማለት ነው።

ደመወዙም እንዲሁ ነው። 80,000 ቋሚ ያልነው ሁለት ጋጋሪዎች በመደበኛ ሰዓታቸው ሊጋግሩ በሚችሉት መጠን ውስጥ ነው። የጥር ወሩ 4,000 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሠንጠረዡ ላይ እንደ ጥፋት ቢታይም መንስኤው ያው የሥራ ብዛት ነው። በወር ከ65,000 ዳቦ በላይ ሁሌም ትርፍ ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ ይህ ከመነሻው በፍሌክሲብል በጀቱ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ ጋጋሪ የሚቀጠርበት መጠንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የሚቆጠረው የትኛው ዳቦ ነው? እኛ የተሸጠውን ይዘን ስለሠራን ያረረውና ያደረው ሁሉ በዱቄቱ መስመር ላይ ወደቀ። ከምድጃ የወጣውን ሁሉ ብንቆጥር ኖሮ በጀቱ ላረረውም ዱቄት ይፈቅድ ነበር፤ ብክነቱም ከዓይን ይጠፋ ነበር። ሁለቱንም በየቀኑ መመዝገብ ይሻላል። ጋጋሪው ከምድጃ ያወጣውን፣ ሻጯ የሸጠችውን ትጻፍ። ስሌቱ ግን በተሸጠው ይሁን።